15 ሺህ በእጅ እንዲገባ ውሉ ላይ ስንት ይጻፍ?

ሐዋሳ ውስጥ ሥራ የሚደራደር ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ጥያቄ ይታወቃል፦ «በእጅ ስንት ይደርሰኛል?» የቤት ኪራዩም፣ አስቤዛውም፣ የልጆች ትምህርት ቤትም የሚከፈለው እጅ ከገባው ብር ነው፤ ስለዚህ ጥያቄው ትክክለኛ ነው። ቀጣሪው ግን ውሉ ላይ የሚያሰፍረው፣ ለገቢዎች የሚያሳውቀውና ጡረታ የሚከፍልበት ቁጥር ሌላ ነው። እሱ ግብርና ጡረታ ሳይነካው ያለው ጥቅል ደመወዝ ነው። ከጥቅሉ ተነስቶ ወደ ተጣራው መውረድ ፔሮል የሚሠራ ሰው ሁሉ በየወሩ የሚያደርገው ነው። ከተጣራው ተነስቶ ወደ ጥቅሉ መውጣት ግን የሠለጠኑ የሒሳብ ባለሙያዎችን ሳይቀር ያደናቅፋል። አንድ ጊዜ ውስጡ ሲታይ ግን በጣም የሚያምር ሒሳብ ነው፤ ዛሬ ልተርክላችሁ የፈለግኩት እሱን ነው።

አንድ ጉዳይ እንያዝ። ሐይቁ ዳር ያለ አንድ ሪዞርት የእንግዳ መቀበያ ኃላፊ ይፈልጋል እንበል። የመረጣት ባለሙያ ሌላ ሆቴል እየሠራች ነው። «በእጄ 15,000 ብር ከገባ እመጣለሁ» ትላለች። ሥራ አስኪያጁ ይስማማል፣ ከዚያ ወደ ሒሳብ ክፍል ስልክ ይደውላል፦ «ኔቷ 15 ሺህ እንዲሆን ግሮሷን ስንት እናድርገው?»

ሁለት ተቀናሾች አሉ። አንደኛው የጡረታ መዋጮ ነው። በግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ አዋጅ ቁጥር 1268/2014 መሠረት ሠራተኛዋ ከመሠረታዊ ደመወዟ 7 በመቶ ትከፍላለች፣ ቀጣሪው ደግሞ ከራሱ 11 በመቶ ይጨምራል። የቀጣሪው 11 በመቶ ከእሷ ደመወዝ አይቀነስም፤ ከላይ የሚታከል ወጪ ነው።

ሁለተኛው የሥራ ግብር ነው። ከሐምሌ 2017 ዓ.ም ጀምሮ የሚሠራበት በማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 1395/2017 የወጣው መጣኔ ነው። በወር እስከ 2,000 ብር ግብር የለም። ከዚያ እስከ 4,000 ያለው 15 በመቶ፣ እስከ 7,000 ያለው 20፣ እስከ 10,000 ያለው 25፣ እስከ 14,000 ያለው 30፣ ከ14,000 በላይ ያለው 35 በመቶ ይከፈልበታል። እያንዳንዱ መጣኔ የሚያርፈው በራሱ ክልል ውስጥ ባለው ብር ላይ ብቻ ነው። ደመወዟ 14,001 የሆነ ሠራተኛ 35 በመቶ የምትከፍለው በመጨረሻዋ አንድ ብር ላይ ነው፣ በጠቅላላው ላይ አይደለም።

ፔሮል የሚሠሩ ሰዎች ይህንን ደረጃ በደረጃ አይቆጥሩትም፤ አቋራጭ አላቸው። ጠቅላላ ደመወዙን በላይኛው መጣኔ ያባዙና ቋሚ ቁጥር ይቀንሳሉ። ለ35 በመቶው ክልል ያ ቋሚ ቁጥር 2,050 ነው። 20,000 ብር የሚከፈለው ሰው ግብሩ 7,000 ሲቀነስ 2,050፣ ማለትም 4,950 ብር ነው። 2,050 ከየት መጣ ብትሉ፣ በዝቅተኞቹ ክልሎች ውስጥ ያለውን ብር ሁሉ በ35 በመቶ ብናስከፍለው ኖሮ በስህተት የምንወስደው ትርፍ ነው፤ እሱን መልሰን እንሰጣለን ማለት ነው። ለ15 በመቶው ክልል ተመላሹ 300፣ ለ20ው 500፣ ለ25ቱ 850፣ ለ30ው 1,350 ነው። እነዚህን ቁጥሮች ያዟቸው፣ ቆይተው ይጠቅሙናል።

ልብ በሉ፣ በእኛ አሠራር ግብሩ የሚሰላው ጡረታው ከመቀነሱ በፊት ባለው ደመወዝ ላይ ነው። ጡረታና ግብር ሁለቱም ከአንድ ቁጥር ላይ ይነሳሉ፣ አንዱ ሌላውን አይጠብቅም። ይህ ለኋላ ሒሳባችን ትልቅ ምቾት ነው።

አሁን ወደ ሪዞርቱ እንመለስ። ቶሎ ወደ አእምሮ የሚመጣው መንገድ ይህ ነው፦ «የ15,000 ብር ግብር ስንት ነው? 3,200። ጡረታውስ? 1,050። ድምሩ 4,250። ስለዚህ 19,250 ብር እንጻፍላት።» ብዙ ቦታ የሚደረገው ይኸው ነው፣ ሲሰሙትም ትክክል ይመስላል። ወደ ታች አውርደን እንፈትሸው። የ19,250 ብር ግብር 4,687.50 ነው፣ ጡረታው 1,347.50። እጇ የሚገባው 13,215 ብር ይሆናል። ቃል ከተገባላት 1,785 ብር ይጎድላል። የመጀመሪያው ወር ደመወዝ ባንክ ሲገባ ክርክር የሚነሳው እዚህ ላይ ነው።

ምን ተበላሸ? የጨመርንላት 4,250 ብር ራሱ ደመወዝ ነው። ደመወዝ ስለሆነም እሱም ግብርና ጡረታ ይከፈልበታል። 35 በመቶ ለግብር፣ 7 በመቶ ለጡረታ፣ በድምሩ 42 ሳንቲም ከእያንዳንዱ ብር። የ4,250 ብር 42 በመቶ አስሉት፤ በትክክል 1,785 ይወጣል። የጎደለው ይኸው ነው!

እሺ፣ የጎደለውን 1,785 ብር እንጨምርላት ብንልስ? 21,035 ይሆናል፣ እጇ የሚገባው ደግሞ 14,250.30። አሁንም 749.70 ይጎድላል፤ ይህም የ1,785 ብር 42 በመቶ ነው። እሱንም ብንጨምር የእሱ 42 በመቶ ይጎድለናል። እንዲህ እያልን ብንሄድ ጉድለቱ እያነሰ ይሄዳል፣ ከበርካታ ዙር በኋላም ሳንቲም ላይ ይደርሳል። አንዳንድ የሒሳብ ሠራተኞች በእርግጥም ኤክሴል ላይ ቁጥሩን ከፍ ዝቅ እያደረጉ 15,000 እስኪመጣ ይሞክራሉ። ያስኬዳል። ግን ያ ሁሉ ዙር በአንድ ማካፈል ይጠቀለላል።

እንዲህ አስቡት። ከ14,000 በላይ ከሆነ ደመወዝ ከእያንዳንዱ ብር 58 ሳንቲም ለሠራተኛዋ ይቀራል፣ ከዚያ ላይ 2,050 ብር ተመላሽ ይታከላል። በቃ፣ የተጣራው ደመወዝ ይህ ነው። ወደ ኋላ ስንሄድ ደግሞ የመጨረሻውን መጀመሪያ እንፈታለን፦ ከ15,000 ላይ 2,050ን እናነሳለን፣ 12,950 ይቀራል፣ እሱን ለ0.58 እናካፍላለን። መልሱ 22,327.59 ብር ነው።

ሳታወርዱ አትመኑት። የ22,327.59 ብር 35 በመቶ 7,814.66 ነው፤ 2,050 ሲቀነስ ግብሩ 5,764.66 ይሆናል። ጡረታው 1,562.93። ሁለቱን ከጥቅሉ ስታነሱ 15,000 ብር ቁጭ ይላል። ሥራ አስኪያጁ ሊያውቀው የሚገባ ሌላም ቁጥር አለ፦ ከራሱ የሚከፍለው 11 በመቶ 2,456.03 ብር ስለሆነ፣ «15 ሺህ» የተባለችው ሠራተኛ በየወሩ ሪዞርቱን የምታስወጣው 24,783.62 ብር ነው። በጀቱን በ19,250 የያዘ ሰው ከባድ ድንጋጤ ይጠብቀዋል።

እዚህ ላይ አንድ ልማድ ላንሳ። «ግሮሱን ተይው፣ ግብርሽን እኛ እንከፍልልሻለን» የሚሉ ቀጣሪዎች አሉ፤ ሒሳቡን ያመለጡ ይመስላቸዋል። ሕጉ ግን ይህንን አስቀድሞ አይቶታል። ቀጣሪ ከሠራተኛው ደመወዝ ሳይቀንስ በራሱ የከፈለው ግብር የሠራተኛው ገቢ ተደርጎ ይታከላል፣ ግብርም ይከፈልበታል። የምናወራው ስለዚያው ዙር ነው፤ በሌላ በር ገባ እንጂ አልቀረም።

እስካሁን 35 በመቶው ክልል ውስጥ መሆናችንን ዝም ብለን ተቀብለናል። ችግሩ ግን ጥቅሉን ሳናውቅ ክልሉን እንዴት እናውቃለን? የግብር ሰንጠረዡ የተሠራው በጥቅል ደመወዝ ነው፣ በእጃችን ያለው ደግሞ የተጣራው ብቻ ነው። እዚህ ላይ የሚሠራው ስህተት ስውር ነው፣ ምክንያቱም መልሱ ለትክክለኛው በጣም ቅርብ ሆኖ ይወጣል።

ያው ሪዞርት አንድ የመስተንግዶ ሠራተኛ በተጣራ 9,000 ብር ሊቀጥር ነው። የሒሳብ ሠራተኛው ሰንጠረዡን ያያል፤ 9,000 ከ7,000 እስከ 10,000 መካከል ነው፣ መጣኔው 25 በመቶ። ከጡረታው ጋር 32፣ ለሠራተኛው የሚቀረው 68 ሳንቲም፣ ተመላሹ 850። ስለዚህ ከ9,000 ላይ 850 ቀንሶ ለ0.68 ያካፍላል፣ 11,985.29 ያገኛል። አሁን ቁጥሩን ተመልከቱት። ከ7,000 እስከ 10,000 ባለው ክልል ሒሳብ ሠርቶ ከ10,000 በላይ የሆነ መልስ አገኘ። መልሱ ራሱ «ክልሌ ይህ አይደለም» እያለው ነው። ትክክለኛው ክልል 30 በመቶው ነው፦ ከ9,000 ላይ 1,350 ተቀንሶ ለ0.63 ሲካፈል 12,142.86 ይመጣል። በመጀመሪያው ቁጥር ቢፈርም ኖሮ ሠራተኛው በየወሩ 99 ብር ገደማ ይጎድልበት ነበር። ትንሽ ስለሆነ ማንም ሳያስተውለው ዓመት ሊያልፍ ይችላል።

ይህንን ለማስቀረት የክልሎቹን ድንበር ወደ ተጣራ ደመወዝ መለወጥ ይቻላል። ጥቅሉ 10,000 የሆነ ሰው እጁ የሚገባው 7,650 ብር ነው፣ 14,000 የሆነ ደግሞ 10,170። ስለዚህ በእጅ ከ7,650 እስከ 10,170 የሚፈልግ ሁሉ 30 በመቶው ክልል ውስጥ ነው፣ ከዚያ በላይ የሚፈልግ ደግሞ 35ቱ ውስጥ። ግን ከዚህም የቀለለ መንገድ አለ፤ እኔ በጣም የምወደው እሱን ነው። ክልሉን ጨርሶ አትምረጡ። በሁሉም ክልሎች ቀመር አስሉት፣ ከመልሶቹ ሁሉ ትልቁን ውሰዱ። ትልቁ ሁልጊዜ ትክክለኛው ነው።

ለምን? ደመወዝ ከፍ ባለ ቁጥር መጣኔው እየጨመረ ብቻ ስለሚሄድ፣ የተሳሳተ ክልል ቀመር ከእውነተኛው ያነሰ ግብር ነው የሚያሰላው። በየትኛውም ደመወዝ ብትሞክሩት ይኸው ነው፤ ተገቢ ባልሆነ ክልል ስታሰሉ ግብሩ አንሶ ይታያችኋል። ግብሩ ካነሰ ደግሞ «15,000 ለማድረስ ይህን ያህል ጥቅል ይበቃል» የሚለው መልስም ያንሳል። ስለዚህ የተሳሳቱት መልሶች ሁሉ ከትክክለኛው በታች ይሰለፋሉ። ኤክሴል ላይ A2 ውስጥ የተጣራውን ጻፉና ጎኑ ይህን አስገቡ፦

```
=MAX(A2/0.93,(A2-300)/0.78,(A2-500)/0.73,(A2-850)/0.68,(A2-1350)/0.63,(A2-2050)/0.58)
```

A2 ላይ 9000 ስትጽፉ 12,142.86፣ 15000 ስትጽፉ 22,327.59 ይመጣል። ከ0.93 ጀምሮ ወደ 0.58 የሚወርዱት ቁጥሮች ከእያንዳንዱ ተጨማሪ ብር ለሠራተኛው የሚቀረውን ይነግሯችኋል። በዚያው ልክ ቀጣሪው አንድ የተጣራ ብር ለመጨመር ጥቅሉ ላይ የሚያክለው ይለያያል። ግብር የማይነካው ሠራተኛ እጅ ላይ አንድ ብር ለመጨመር 1.08 ብር ገደማ ይበቃል። በእጁ 4,000 ብር የሚያገኝ የኢንዱስትሪ ፓርኩ ኦፕሬተር ላይ አንድ ብር ለመጨመር 1.37 ብር ያስፈልጋል። የሪዞርቱ ኃላፊ ላይ 1.72 ብር። «ለሁሉም በእጅ አምስት መቶ ብር እንጨምር» የሚል ውሳኔ ለየሠራተኛው የተለያየ ወጪ ያለው በዚህ ምክንያት ነው።

ለጡረታ የማይዋጣለት የውጭ ዜጋ ከሆነ 7 በመቶው ከቀመሩ ይወጣል፤ 0.58 የነበረው 0.65 ይሆናል፣ ሌሎቹ አካፋዮችም በዚያው ልክ ያድጋሉ፣ ተመላሾቹ ግን እንዳሉ ናቸው።

አሁን የድርድሩ እውነተኛ ሥጋ ያለበት ቦታ ደረስን። እስካሁን ጥቅሉን ሁሉ መሠረታዊ ደመወዝ አድርገን ነው የሠራነው። ብዙ ድርጅት ግን ከፍሎ ነው የሚጽፈው፦ መሠረታዊ ደመወዝ ይህን ያህል፣ የቤት አበል ይህን ያህል። የቤት አበል በጥሬ ብር ሲከፈል ግብር ይከፈልበታል፣ ጡረታ ግን ከመሠረታዊው ደመወዝ ብቻ ስለሚቆረጥ አበሉን አይነካውም። ስለዚህ ከአበል ብር ውስጥ 65 ሳንቲም ይቀራል፣ ከመሠረታዊው 58።

ኃላፊዋ 3,000 ብር የቤት አበል ይኑራት። ከአበሉ 1,950 ብር እጇ ይገባል፣ 2,050ው ተመላሽ እንዳለ ነው፤ ከ15,000 ላይ ሁለቱ ሲነሱ 11,000 ይቀራል። 11,000 ለ0.58 ሲካፈል መሠረታዊ ደመወዟ 18,965.52 ይሆናል። በእጇ ያው 15,000 ነው። ቀጣሪው ግን በየወሩ 731.89 ብር አተረፈ፣ ምክንያቱም ጥቅሉም የእሱ 11 በመቶም ቀነሱ። ከማን ኪስ ወጣ? ከጡረታዋ። ጡረታ የሚታሰብላት ደመወዝ በ3,362 ብር አንሷል፣ ይህንንም ወር በወር እጇ የሚገባውን ብቻ የምታይ ሰው ልታውቀው አትችልም። እኔ ብሆን ሁለት ቀጣሪዎች አንድ ዓይነት የተጣራ ሲያቀርቡልኝ፣ መሠረታዊውን ከፍ አድርጎ የጻፈውን እመርጣለሁ። ይህንን ስል አበል ክፉ ነው ማለቴ አይደለም። ለምሳሌ የትራንስፖርት አበል በመመሪያ እስከተቀመጠው ጣሪያ ድረስ ግብር ስለማይከፈልበት ለሁለቱም ወገን ይጠቅማል። እሱ ሲኖር ሒሳቡ ይቀላል፦ ከተፈለገው የተጣራ ላይ መጀመሪያ አበሉን አንሱት፣ የቀረውን በቀመሩ አውጡት። ከጣሪያው ያለፈው ክፍል ግን እንደ ቤት አበሉ ነው የሚታየው።

ሐዋሳ የሆቴል ከተማ ስለሆነች ሰርቪስ ቻርጅም ይነሳል። እሱ እንደ እንግዳው ብዛት ከፍ ዝቅ ስለሚል ቋሚ በሆነ የተጣራ ቃል ውስጥ አታስገቡት። በበዓል ሰሞን የሞላው ሆቴል በሌላ ወር ባዶ ሊሆን ይችላል፣ «15 ሺህ» የተባለውም አብሮ ይወርዳል።

ሌላው ጥያቄ ውሉ ላይ የትኛው ቁጥር ይጻፍ የሚለው ነው፤ የተጣራው ወይስ ጥቅሉ? ፊርማ ሲደረግ ሁለቱ እኩል ናቸው፣ ሕግ ሲቀየር ግን ይለያያሉ። በአዋጅ ቁጥር 979/2008 በነበረው ሰንጠረዥ 35 በመቶው የሚጀምረው ከ10,900 ብር በላይ ነበር፣ ተመላሹም 1,500 ነበር። በዚያ ሒሳብ 15,000 በእጅ ለማድረስ ጥቅሉ 23,275.86 መሆን ነበረበት። ሐምሌ 2017 ላይ ሰንጠረዡ ሲቀየር፣ ውሏ ላይ ጥቅሉ የተጻፈላት ሠራተኛ ያለ ምንም ድርድር እጇ የሚገባው 15,550 ሆነ። የግብር ቅናሹ 550 ብር የእሷ ነው። ውሏ ላይ «የተጣራ 15,000» ተብሎ የተጻፈላት ጎረቤቷ ግን ያው 15,000 ላይ ናት። ቀጣሪዋ ጥቅሉን ወደ 22,327.59 ማውረድ ይችላል፣ የራሱን የጡረታ ድርሻ ጨምሮ በወር 1,053 ብር ገደማ ያተርፋል። የእሷ የጡረታ መሠረትም አብሮ ይወርዳል። በሌላ በኩል ግብር ቢጨምር የተጣራ ውል ያላት ሠራተኛ ነች የምትጠበቀው። ማንኛውም ይሁን፣ ሁለቱ ወገኖች አውቀው ሊመርጡት ይገባል።

ይኸው የሰንጠረዥ ለውጥ የድሮ ኤክሴል ፋይል የሚጠቀሙትንም ያጋልጣል። ለ15,000 ብር የተጣራ 23,275.86 የሚል መልስ ካያችሁ፣ ውስጡ አሁንም 1,500 ተቀምጧል ማለት ነው። ቀመሩን ከፍታችሁ 2,050ን ፈልጉ።

ከዩኒቨርሲቲ የወጡ ወጣቶችን ስትቀጥሩ ደግሞ ወጪ መጋራትን አስቀድማችሁ ጠይቁ። ዕዳው በየወሩ ከደመወዝ የሚቆረጥ ከሆነ፣ ወጣቱ «በእጄ» ሲል ከዕዳው በፊት ያለውን ነው ወይስ በኋላ ያለውን? ግብርና ጡረታ ሕግ በሁሉም ላይ የጣላቸው ናቸው፤ የወጪ መጋራት፣ የብድርና የቁጠባ ማኅበር ተቀናሽ ግን የግለሰቡ ናቸው፣ ቀመሩም አያውቃቸውም። ስለዚህ የሪዞርቱ የቅጥር ደብዳቤ እንዲህ ቢል ጠብ አይነሳም፦ «መሠረታዊ ደመወዝ በወር 22,327.59 ብር፤ አሁን በሥራ ላይ ባለው የግብር መጣኔ የሥራ ግብርና የ7 በመቶ የጡረታ መዋጮ ተቀንሶ፣ ሌላ የግል ተቀናሽ ከሌለ፣ የተጣራ 15,000 ብር።»